እስትንፋስ ያቋረጠው ዓረፍተ ነገር፦ አንድ የምስጋና መልእክት ከመላኩ በፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ

የጉዳዩ መነሻ

ጉዳዩ የአንዲት አራት ኪሎ የምትኖር ወጣት ነው። እናቷ ለብዙ ዓመታት ፒያሳ ነበር የኖሩት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናትየው በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ። ልጅቷ ያኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ወንድሞቿም አዲስ አበባ አልነበሩም። እስኪደርሱ ድረስ እናታቸውን ያስታመሟቸው የግቢያቸው ጎረቤት ናቸው። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «እትዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ሴት ናቸው።

ምስጋናው ያኔ በቃል ተነግሯል። ቡና ሲጠጣም ደጋግሞ ይነሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲነሱ ጎረቤቱ ተበታተነ። እትዬ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። እናትየው ደግሞ ልጃቸው ጋ አራት ኪሎ ገቡ። ከሕመሙ በኋላ እግራቸው ስለደከመ ታክሲ ላይ ወጥተው እዚያ ድረስ መሄድ አልቻሉም። ቡናው ቀረ። ልጅቷም ምስጋናውን በጽሑፍ፣ በቴሌግራም ለመላክ ወሰነች።

እኔ ለረጅም ጊዜ አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ አሁንም የሰዎችን ጽሑፍ አያለሁ። ልጅቷ ረቂቁን ይዛ ስትመጣ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር አለበት። ግን እትዬን የማናግር አይመስልም።» እዚህ ላይ የተጻፈው በእሷ ፈቃድ ነው። የሰዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮች ተቀይረዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት። እትዬ ዓይናቸው ስለደከመ ስልክ ላይ ማንበብ አይችሉም። መልእክት ሲመጣ የሚያነብላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዞሮ ዞሮ በድምፅ የሚደርስ ነበር። አንባቢው ልጅ ደግሞ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

የመጀመሪያው ረቂቅ

የመልእክቱ ዋና ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ፊደሉን ብቻ አርሜ እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦

«ውድ እትዬ እናታችን ባለፈው ዓመት በክረምት ወቅት በድንገት ታማ ሆስፒታል በገባችበት ጊዜ እኛ ልጆቿ በሥራና በተለያዩ ምክንያቶች በአቅራቢያዋ መገኘት ባልቻልንበት ሁኔታ ውስጥ እርስዎ የራስዎን ሥራና የቤትዎን ኃላፊነት ወደ ጎን በመተው ሌሊት ከጎኗ ሆነው በማስታመም፣ ቀን ምግብ አዘጋጅተው በማመላለስ፣ መድኃኒት ሲጠፋ በየፋርማሲው ዞረው በማፈላለግ ላደረጉልን የማይረሳና በቃላት ሊገለጽ የማይችል ከፍተኛ ድጋፍና ትብብር በእኔና በመላው ቤተሰባችን ስም የላቀ ምስጋናዬን ላቀርብልዎት እወዳለሁ።»

በዓይን ሲታይ ጉልህ ስሕተት የለበትም። አንዱ ወንድሟ «ጥሩ ነው፣ ላኪው» ብሏታል። ሌላው «ደብዳቤ ይመስላል» ከማለት በቀር ምኑ ጋ እንደሆነ መናገር አልቻለም። እሷም ቃላት ስትቀያይር ከርማለች። «ከፍተኛ»ን አውጥታ «ታላቅ» ትላለች፤ «የላቀ»ን አውጥታ «ልባዊ» ትላለች። ምንም አልተለወጠም። ችግሩ የቃል ምርጫ ስላልነበረ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ 59 ቃላት አሉት። አማርኛ ደግሞ ዋናውን ግሥ የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰሚው «እናመሰግናለን» ሊባል ይሁን ወይ ሌላ ነገር የሚያውቀው የመጨረሻዎቹ ቃላት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። እስከዚያ ሕመሙን፣ የልጆቹን አለመኖር፣ የሌሊቱን ማስታመም፣ የምግቡን ምልልስና የመድኃኒቱን ፍለጋ ሁሉ ይዞ መጠበቅ አለበት። በዝምታ የሚያነብ ሰው ዓይኑን መለስ አድርጎ ያያል። የሚሰማ ሰው ግን መመለሻ የለውም።

ንባቡ እንዴት ተሠራ

የመጀመሪያው ሙከራ ካፌ ውስጥ ነበር፤ አልሠራም። ሰው ስላለ አፍራ በሹክሹክታ አነበበችው። ሹክሹክታ ደግሞ የድምፅን መውጣትና መውረድ ይደብቃል። ከስልኩ ላይ ማንበቧም ሌላ ችግር አመጣ። ደስ ያላላት ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ወዲያው ማረም ይጀምራል፤ ንባቡ እዚያው ይቆማል። እንዲህ ሲሆን አንድ ቃል ይታረም ይሆናል እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ አይሰማም።

ስለዚህ ወደ ቤቷ ሄድን። ረቂቁን በእጅ ወረቀት ላይ ገለበጠችው፤ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ተወች። ከዚያ በሙሉ ድምፅ፣ ሰው በሚያወራበት ፍጥነት አነበበች። እኔ የራሴን ቅጂ ይዤ ሦስት ዓይነት ምልክት ብቻ አደርግ ነበር። ትንፋሽ በሳበችበት ቦታ ዘንበል ያለ ሰረዝ፣ ምላሷ በተሰናከለበት ቃል ላይ ክብ፣ ለመጨረስ በቸኮለችበት ሐረግ ሥር መስመር። በንባቡ መሐል ምንም አይታረምም። እርማት ከንባብ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የዜና አንባቢ ድምፅ ይዛ ነበር ያነበበችው። የሰለጠነ የዜና ድምፅ ረጅሙንም ዓረፍተ ነገር ተሸክሞ ያልፋል፤ ስለዚህ ስሕተት አያወጣም። «እትዬ እዚህ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል፤ ለእሳቸው ንገሪያቸው» አልኳት። ያኔ ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው።

የመጀመሪያው የትንፋሽ ሰረዝ «ሁኔታ ውስጥ» ከሚለው በኋላ ወደቀ። እዚያ ድረስ 22 ቃላት አሉ፤ የምታመሰግናቸው ሰው ግን ከመጥሪያው በቀር ገና አልተነሱም። «እርስዎ» የሚለው ከትንፋሹ በኋላ የመጣ ቃል ነው። ሁለተኛው ሰረዝ «በማመላለስ» ላይ ነበር። በዚያው አካባቢ «በማስታመም፣ በማመላለስ፣ በማፈላለግ» የሚሉት ሦስቱ ቃላት ክብ ተደረገባቸው። በአንድ ቅርጽ የተሠሩ ረጃጅም ቃላት ስለሆኑ ምላስ አንዱን ከሌላው ጋር ያደባልቃል። ሦስተኛው ሰረዝ «ድጋፍና ትብብር» ካለች በኋላ መጣ። «የማይረሳና በቃላት ሊገለጽ የማይችል ከፍተኛ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መስመር ተሰመረበት፤ እየሮጠች ነበር ያለፈችው። ጸሐፊው ራሱ የሚሮጥበት ሐረግ ብዙውን ጊዜ የራሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ደብዳቤ የመጣ ነው።

መጨረሻው ላይ ራሷ ቆመች። «‹ላደረጉልን› ብዬ ‹ምስጋናዬን› አልኩ እንዴ?» አለች። ተደራጊዎቹ «እኛ» ናቸው፤ አመስጋኟ «እኔ» ሆናለች። ይህን በዓይኗ ደጋግማ አልፋዋለች። ጆሮዋ ግን ያዘው።

ወረቀቱን ገልብጣ እንድታስቀምጥ ጠየቅኋትና «እትዬ ምን አደረጉ?» አልኳት። ሳታስብ መለሰች፦ «ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። ሲነጋ ቤት ሄደው አጥሚት ሠርተው በፔርሙዝ ይዘው መጡ።» ይህን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው፤ የትም አልተሰናከለችም። ረቂቁ ውስጥ «ምግብ አዘጋጅተው በማመላለስ» የተባለው ይኸው አጥሚት ነው።

በጣም ማሳጠርም አልሠራም

ልጅቷ ትምህርቱን ያዘችና በነጋታው ሁለተኛውን ረቂቅ ላከችልኝ። እንዲህ ይጀምራል፦

«ባለፈው ክረምት እናታችን ታመመች። ሆስፒታል ገባች። እኛ አልነበርንም። እርስዎ መጡ። ሌሊት አስታመሙ። ጠዋት ቤት ሄዱ። አጥሚት ሠሩ። ተመልሰው መጡ። መድኃኒት ጠፋ። ፈለጉ። አገኙ።»

ጮክ ብሎ ሲነበብ ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥ ቃል ይመስላል። ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ የለም፤ ግን ድምፅ በየሁለት ቃሉ ይወድቃል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚዘጋ ጆሮ «አለቀ» እያለ ያርፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይቀሰቀሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። አማርኛ የአንድን ሰው ተከታታይ ድርጊት የሚያያይዝበት የራሱ መንገድ አለው። «ደርሰው፣ ሠርተው፣ ይዘው ተመለሱ» እንላለን። በየነጠላ ሰረዙ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሰሚው «ከዚያስ?» ይላል። ማሰሪያው ግሥ ላይ ሲደረስ ድምፅ ይወርዳል፤ ነገሩም ይዘጋል። ተረት የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ወሬም የሚወራው እንዲህ ነው። «በማስታመም፣ በማመላለስ» የሚለው ግን ከቢሮ ሪፖርት የመጣ አያያዝ ነው። ማን እንዳደረገው ቃሉ ላይ አይታይም። «ይዘው» ሲባል እትዬ ይታያሉ፤ «በመያዝ» ሲባል ማንም አይታይም።

ታዲያ ስንት ድርጊት ይያያዝ? በዚህ መልእክት ላይ ሦስት ድርጊት አያይዞ አራተኛው ላይ ማሰር ለልጅቷ ትንፋሽ ተመቻት። አምስት ሲሆን መጀመሪያ የተባለው ይረሳል። ይህ ለሁሉም ጽሑፍ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ እያንዳንዱ ድርጊት ስንት ቃል እንደያዘ ይለያያል። የሚቆረጥበት ቦታ ግን ግልጽ ነበር። አድራጊው ሲለወጥ ወይም ጊዜው ሲለወጥ ይቆረጣል። ሌሊቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ንጋቱ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የጠፋበት ቀን ሌላ ነው።

ሌላ አንባቢ፣ ሌላ ሰሚ

ሦስተኛው ረቂቅ ሲደርስ ልጅቷ ጽሑፉን በቃሏ ይዛዋለች። ስታነብ የምታነበው የጻፈችውን ሳይሆን ልትል ያሰበችውን ነበር። አንድ ቦታ ላይ የተዘለለ ቃል ራሷ ሞልታ አነበበችው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ፣ አይቶት የማያውቀው፣ እንዲያነብ ተደረገ።

ወንድሟ «የማይረሳ ውለታ» የሚለው ላይ ተሰናከለ። መጀመሪያ አላልቶ አነበበው፤ እንደዚያ ሲሆን ውለታው ራሱ ነገር የማይረሳ ይሆናል። ከዚያ መልሶ አጠበቀው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ጸሐፊው ትክክለኛውን ስለሚያውቅ ችግሩን አያየውም። የሚያነበው የእትዬ የልጅ ልጅም እዚያው ሊሰናከል ይችል ነበር። «ውለታዎን አንረሳም» ተብሎ ተቀየረ፤ አሁን በሌላ መንገድ ማንበብ አይቻልም።

ትልቁ እርማት ግን ሳይታሰብ መጣ። እናትየው ውስጥ ክፍል ሆነው ይሰሙ ነበር። ወንድምየው «ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ» ሲል ከውስጥ ድምፅ ተሰማ፦ «የምን ወንበር? መሬት ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ነው እንጂ ያደረችው!» ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር። ቀጥለውም «ልጅቷንስ ለምን ትረሷታላችሁ? ቤቱን ስትጠብቅ የሰነበተችው እሷ አይደለችም?» አሉ። የእትዬ ልጅ ማለታቸው ነው። በሁሉም ረቂቅ ላይ አልነበረችም። ጮክ ብሎ ማንበብ የጎደለ ሰው አያወጣም፤ የጎደለውን የሚያውቅ ሰው እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ።

ልጅቷ ወዲያው ጨመረችው፦ «ልጅዎም ቤታችንን በመጠበቅ ያደረገችልንን ከፍተኛ እገዛ ሳናመሰግን አናልፍም።» በችኮላ የሚጨመር ዓረፍተ ነገር ወደ ቢሮ ቋንቋ ይመለሳል። ስለዚህ አዲሱ ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለው አብሮ እንዲነበብ አደረግን። ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ፤ አጠገቡ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ሰው ሲያወራ ይመስላሉ፣ እሱ ብቻ ደብዳቤ ነበር። «ልጅዎም ቤቱን ስትጠብቅልን ሰነበተች» ሆነ።

የተላከው መልእክት

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ባለፈው ክረምት እናታችን ታማ ሆስፒታል ስትገባ እኛ ሩቅ ነበርን። እርስዎ ግን አጠገቧ ነበሩ። ሌሊቱን መሬት ላይ ጋቢ አንጥፈው አደሩ። ሲነጋ ቤት ደርሰው፣ አጥሚት ሠርተው፣ በፔርሙዝ ይዘው ተመለሱ። መድኃኒቱ ሲጠፋም ዝናቡ ሳያግድዎ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረው አገኙት። ልጅዎም ቤቱን ስትጠብቅልን ሰነበተች።

እናታችን ዛሬ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች። ስምዎን ሳታነሳ አንድም ቀን አትውልም።

እኛ ልጆቿ ውለታዎን አንረሳም። እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የእናታችን እግር ሲበረታ ይዘናት እንመጣለን።»

ረጅሙ ዓረፍተ ነገር 9 ቃላት ነው። «አደሩ» እና «ተመለሱ» የሚሉት ቦታዎች ላይ ድምፅ ያርፋል፤ በመሐል ያሉት ነጠላ ሰረዞች ትንፋሽ ይሰጣሉ። «ከፍተኛ» የለም፤ «የላቀ» የለም። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብቻውን የቆመው ሆን ተብሎ ነው። መጀመሪያ ከፊቱ «ስላደረጉልን ሁሉ» የሚል ነበረበት። ሲነበብ ግን ያደረጉት ሁሉ ከላይ ተቆጥሯልና ድምፅ ያለ ሥራ ይንጠለጠል ነበር፤ ወጣ።

መልእክቱ በደረሰ በዚያው ምሽት የልጅ ልጁ ለእትዬ አነበበላቸው። እሳቸው ደውለው እናትየውን ረጅም ሰዓት አነጋገሩ። መጀመሪያ ያነሱት ነገር ጋቢው ነው። «ያንን ማን ነገራቸው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በኋላ ሲጠየቅ የተደናቀፈው አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ ተናግሯል፤ «ሳያግድዎ» የሚለው ላይ። እኛ ሁላችን ያንን ቃል ስንሰማው ስለቆየን ለጆሯችን ለስልሶ ነበር። «ዝናቡን ችለው» ቢባል ይቀለው ነበር።

ያልተሳካውና ከዚህ የሚወሰደው

ንባቡ ያላወጣቸው ስሕተቶች ነበሩ። ልጅቷ «ዕድሜ»ን በ«እ»፣ «መድኃኒት»ን በ«ሀ» ጽፋ ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ዛሬ ስንናገራቸው ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለያቸውም። በሰው ስም ላይ ደግሞ ይህ ቅር ያሰኛል። ስለዚህ ከጆሮ ንባብ በኋላ አንድ የዓይን ንባብ ያስፈልጋል፤ በቀስታ፣ ፊደል በፊደል፣ ለፊደል ብቻ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሥራት አይቻልም። ፊደል የሚያይ ሰው አካሄድ አይሰማም።

በስልክ ቀድቶ ማዳመጥም ተሞክሯል። ልጅቷ ድምፅዋን ስትሰማ ትኩረቷ የራሷ ድምፅ ላይ ሆነ፤ ስለ ጽሑፉ ያገኘችው ጥቂት ነው። አጠገቧ ሰው ለሌላት ግን ቀረጻው ሌሊት አድሮ በማግስቱ ቢሰማ ይጠቅማል። ያኔ ጽሑፉ ትንሽ ይረሳል፤ ጆሮም እንደ ባዳ ይሰማል።

ከሂደቱ ሁሉ ብዙ የሠራው ወረቀቱን ገልብጦ መናገር ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ የታመመውን ቦታ ያሳያል፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። ትንፋሽ ያለቀበት ዓረፍተ ነገር ላይ ቃል ከማሸጋሸግ ይልቅ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠይቆ፣ የተነገረውን እንዳለ መጻፍ ይቀላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተላከው መልእክት ገሚሱ ያህል እንዲህ በአፍ የተነገረ ነው።

ይህ አሠራር የማይመጥነውም ጽሑፍ አለ። ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ፣ ቁጥር ወጥቶለት ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ የምስጋና ደብዳቤ የራሱ ወግ አለው፤ «ምስጋናችንን እናቀርባለን» እዚያ ቦታው ነው። እሱም ጮክ ተብሎ ቢነበብ ትንፋሽ የሚያሳጣው ቦታ ይገኛል፤ ግን ቡና ላይ እንደሚወራ መሆን አያስፈልገውም። ልጅቷ ከሳምንታት በኋላ ለእናቷ የሕክምና ክፍል ሠራተኞች ደብዳቤ ስትጽፍ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ወጉን ጠብቃ፣ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ቆርጣ፣ ለወንድሟ አስነብባ ላከችው።